10 በመቶው ከየት መጣ?

የፕሮጀክት ፕሮፖዛል አገላብጦ የሚያውቅ ሰው የበጀቱን የመጨረሻ ገጽ ያውቀዋል። ደመወዙ፣ የዕቃ ግዢው፣ ግንባታውና ትራንስፖርቱ ተዘርዝሮ ካለቀ በኋላ፣ ከጠቅላላ ድምሩ በላይ አንዲት አጭር መስመር ትቀመጣለች፤ «መጠባበቂያ 10%» ትላለች። የሲሚንቶውን ዋጋ በከረጢት፣ የቧንቧውን በሜትር የተነተነው አዘጋጅ እዚህች ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ገምጋሚው ግን እስክሪብቶውን መጀመሪያ የሚያነሳው እዚሁ ነው። አንዱ ይሰርዛታል፣ ሌላው በግማሽ ይቀንሳታል። አዘጋጁም ለሁለቱም የሚመልሰው የለውም፤ 10ሩ ለምን 7 ወይም 15 እንዳልሆነ እሱ ራሱ አያውቅማ።

መጠባበቂያ የሚያዘው ሊገጥሙ እንደሚችሉ ለሚታወቁ፣ ነገር ግን መቼና በምን ያህል እንደሚገጥሙ ለማይታወቁ ወጪዎች ነው። ይህ በደንብ የሚታየው የከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ ይመስለኛል። ለጉድጓድ በጀት የሚይዝ ሰው ከመሬት በታች ላላየው ነገር ዋጋ እያወጣ ነውና። ስለዚህ በአንድ የገጠር ቀበሌ ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አገር በቀል ድርጅት ለለጋሽ ፕሮፖዛል ሊያቀርብ ነው እንበል። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አድርጌ መርጫቸዋለሁ፤ የዛሬ የገበያ ዋጋ ናቸው ብላችሁ አትያዟቸው።

ድርጅቱ ያወጣው መነሻ ወጪ 15 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ቁፋሮው ነው፤ 180 ሜትር፣ በሜትር 25 ሺህ ብር፣ በድምሩ 4.5 ሚሊዮን። በሶላር የሚሠራው ፓምፕ 3.2 ሚሊዮን፣ አራት ኪሎ ሜትር የቧንቧ መስመር 2.8 ሚሊዮን፣ የውሃ ማጠራቀሚያው 2 ሚሊዮን፣ አምስቱ ቦኖዎች 1 ሚሊዮን ብር ይወስዳሉ። ቀሪው ለከርሰ ምድር ጥናት፣ ለፓምፕ ሙከራና ለውሃ ጥራት ምርመራ፣ እንዲሁም ለቁጥጥርና ለውሃ ኮሚቴው ሥልጠና ነው።

ወደ መጠባበቂያው ከመሄዳችን በፊት ይህ መነሻ ወጪ ንጹሕ መሆን አለበት። ብዙ አዘጋጆች መጠባበቂያው እንደሚሰረዝባቸው ስለሚገምቱ በየመስመሩ ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ፤ ቧንቧው ላይ ትንሽ፣ ነዳጁ ላይ ትንሽ፣ አበሉ ላይ ትንሽ። እንዲህ የተሸሸገ ገንዘብ ለችግር ቀን አይገኝም። የነዳጅ መስመር ላይ የተቀመጠው ለነዳጅ ይወጣል፣ አበሉ ላይ የተቀመጠውም አበል ሆኖ ያልቃል፤ ቁፋሮው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እጅ ባዶ ይሆናል። ልምድ ያለው ገምጋሚ ደግሞ የቧንቧውን ዋጋ ከሦስት አቅራቢዎች ጠይቆ ጭማሪውን ሲያገኝ፣ የቀረውን በጀት ሁሉ በዚያው ዓይን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ስጋቶቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ሥራ ወደ ወረዳውና ወደ ዞኑ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በአካባቢው ቀደም ብለው የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ማጠናቀቂያ ሪፖርት መጠየቅ ነው። ሪፖርቱ ላይ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የታለፈው የድንጋይ ዓይነት፣ ውሃው የተገኘበት ሜትርና በሰከንድ የሚሰጠው ሊትር ይገኛል። ድርጅታችን ተመሳሳይ መልክዓ ምድር ላይ ያሉ የ10 ጉድጓዶች ሪፖርት አገኘ እንበል። አራቱ ከ180 ሜትር አልፈው እስከ 230 ድረስ ወርደዋል። ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ ውሃ አልሰጡም። አስር ጉድጓድ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም «እንደ ባለሙያ ግምታችን» ከሚል ዓረፍተ ነገር እጅግ ይሻላል። የራስን ፕሮጀክት የሚገምት ሰው ሁልጊዜ ወደ መልካሙ ያደላል። ዴንማርካዊው ቤንት ፍሉቭብየርግና ባልደረቦቹ በ2002 ባወጡት ጥናት 258 የመንገድ፣ የባቡር፣ የድልድይና የዋሻ ፕሮጀክቶችን መርምረው ነበር። ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ከተገመተው በላይ ወጪ አስወጥተዋል፤ የባቡሮቹ ጭማሪ በአማካይ 45 በመቶ፣ የመንገዶቹ 20 በመቶ ነበር። የሠሩት ሰዎች ስሌት የማያውቁ አልነበሩም። ስለዚህ የኔ ፕሮጀክት ምን ያስወጣል ብሎ ከማሰብ በፊት፣ እንደኔ ያሉት ምን አስወጡ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ከሪፖርቶቹና ከቦታው ጉብኝት ሦስት ስጋቶች ወጡ፤ ደረቁን ጉድጓድ ለብቻው እናየዋለን። አንደኛው ጥልቀቱ ነው። ጉድጓዱ 50 ሜትር ቢጨምር ቁፋሮው 1.25 ሚሊዮን ብር ይጨምራል፤ ውሃውን ከዚያ ጥልቀት ለማውጣት ደግሞ ጉልበት ያለው ፓምፕ ስለሚያስፈልግ 400 ሺህ ይከተላል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን እንደተለያዩ ስጋቶች ይጽፋቸዋል፤ ስህተት ነው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው አብሮ ይመጣል። በአንድ ላይ 1.65 ሚሊዮን፣ የመከሰት ዕድላቸውም 40 በመቶ ነው። ሁለተኛው የቧንቧው ቦይ የሚያልፍበት አለት ነው፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ፣ ተጨማሪ ወጪው 300 ሺህ። ሦስተኛው ክረምቱ ነው። የቁፋሮ ማሽኑ ጭቃ ላይ ቢቆም ለቆመበት ቀን የሚከፈለው 200 ሺህ ቢደርስ፣ ዕድሉ 30 በመቶ ነው።

ብዙ ማንዋል ላይ የምናገኘው ስሌት እያንዳንዱን ወጪ በዕድሉ አባዝቶ መደመር ነው። ለጥልቀቱ 660 ሺህ፣ ለአለቱ 150 ሺህ፣ ለክረምቱ 60 ሺህ፤ ድምሩ 870 ሺህ ብር፣ ከመነሻው ወጪ 5.8 በመቶ። ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ገምጋሚውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን 870 ሺህ ብር የሚወጣበት አንድም ሁኔታ የለም። ጉድጓዱ ካልጠለቀ የሚመጣው ትልቁ ወጪ አለቱና ክረምቱ ተደምረው 500 ሺህ ነው። ከጠለቀ ደግሞ ትንሹ ወጪ 1.65 ሚሊዮን ነው። በመሃል ምንም የለም።

ስለዚህ ሊከሰቱ የሚችሉትን ሁሉ መዘርዘር ያስፈልጋል። ሦስት ስጋቶች ስላሉ ጥምረታቸው ስምንት ብቻ ነው፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። ከ100 ጊዜ 60ው ወጪው ከ500 ሺህ አይበልጥም። 1.65 ሚሊዮን የያዘ ሰው 74ቱን ይወጣዋል፣ 1.85 ሚሊዮን የያዘ 80ውን፣ 1.95 ሚሊዮን የያዘ 94ቱን። ሦስቱም ክፉ ነገሮች በአንድ ላይ ቢመጡ የሚያስፈልገው 2.15 ሚሊዮን ነው።

ይህን ይዘን ወደዚያች «10%» እንመለስ። የ15 ሚሊዮን 10 በመቶ 1.5 ሚሊዮን ነው። ከ100 ጊዜ ስንቱን ይሸፍናል? 60ውን። 500 ሺህ ብር ብቻ የያዘ ሰውም 60ውን ይሸፍናል። ልዩነቱ የሆነው አንድ ሚሊዮን ብር ለድርጅቱ አንዳችም ተጨማሪ ዋስትና ሳይሰጥ ታስሮ ይቀመጣል፤ ጉድጓዱ ሲጠልቅ ደግሞ አይበቃም። በሌላ በኩል ከ1.85 ወደ 1.95 ሚሊዮን ለመሄድ 100 ሺህ ብር ብቻ ሲጨመር ዋስትናው ከ80 ወደ 94 ይዘላል። ከዚያ በላይ ያሉትን 6 ለመሸፈን ሌላ 200 ሺህ ያስፈልጋል፤ እኔ ብሆን እሱን አልጠይቅም። የምጠይቀው 1.95 ሚሊዮን ነው፣ 13 በመቶ። ገምጋሚ ፊት 13 ከ10 ይልቅ የሚከብድ ይመስላል፤ ግን 13ቱ መልስ አለው።

በትልልቅ ፕሮጀክቶች ስጋቶቹ በአስር ስለሚቆጠሩ ጥምረቱን በእጅ መዘርዘር አይቻልም፤ ኮምፒዩተር ፕሮጀክቱን በሺህ ጊዜ በሐሳብ እየሠራ ወጪውን እንዲደረድር ይደረጋል። ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። ግብዓቱ ግን ያው የጉድጓድ ሪፖርት ነው፤ ዕድሉ በዘፈቀደ ከተጻፈ ውጤቱም በዘፈቀደ ነው።

ደረቁ ጉድጓድ ቀረን። ከ10ሩ ሁለቱ ውሃ ስላልሰጡ ዕድሉ 20 በመቶ ነው። ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ኬሲንግ ስለማይወርድ ኪሳራው ከሙሉው ቁፋሮ ጥቂት ያንሳል፤ 4 ሚሊዮን ብር ብለን እንያዘው። በዕድሉ ሲባዛ 800 ሺህ ይሆናል፤ ግን 800 ሺህ ብር ግማሽ ጉድጓድ እንኳ አያስቆፍርም። ሙሉው 4 ሚሊዮን መጠባበቂያ ውስጥ ቢገባ ደግሞ መጠባበቂያው ከመነሻው ወጪ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ የሚፈርም ለጋሽ አይገኝም። እንዲህ ያለ ስጋት፣ ማለትም ከመጣ ፕሮጀክቱን በሙሉ የሚያቆም፣ ካልመጣ ደግሞ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ፣ መጠባበቂያ ውስጥ ቦታ የለውም። ለብቻው ይቀርባል። አንዱ መንገድ በቅድመ ሁኔታ የሚለቀቅ ክፍያ መጠየቅ ነው፤ የፓምፕ ሙከራው ከተወሰነ ሊትር በሰከንድ በታች ከሆነ ለጋሹ ለሁለተኛ ጉድጓድ ይከፍላል፣ ካልሆነ ገንዘቡ ከእጁ አይወጣም። ሌላው ፕሮጀክቱን በሁለት ምዕራፍ መክፈል ነው፤ ውሃው ሳይረጋገጥ ፓምፕም ቧንቧም አይገዛም። ይህ ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ውሃ በሌለበት ቀበሌ አምስት ቦኖ ተሠርቶ የመቅረቱን አሳፋሪ ነገር ያስቀራል።

ሦስተኛውና የተሻለው መንገድ ስጋቱን መጋራት ነው። አንድ ቀበሌ ብቻውን ቢቆም ለደረቅ ጉድጓድ 4 ሚሊዮን መያዝ አለበት። አስር ቀበሌዎች በአንድ ፕሮግራም ቢታቀፉ ግን ሦስት ምትክ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ገንዘብ ከ100 ጊዜ 88 ያህሉን ይበቃል፤ ለአንዱ ቀበሌ የሚደርሰው 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። በርግጥ ይህ የሚሠራው አስሩም አንድ ዓይነት መጥፎ አለት ላይ ካልተቀመጡና ምትኮቹ ራሳቸው ካልደረቁ ነው። ቢሆንም ትልልቅ ፕሮግራሞች ከትንንሾቹ ያነሰ መቶኛ ይዘው ለምን እንደሚኖሩ የሚያስረዳው ይኸው ነው፤ ትንሹ ድርጅት የትልቁን መቶኛ ገልብጦ ሲወስድ ራሱን ይጎዳል።

የዋጋ ንረት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ባንክ የወጪ ሰንጠረዦች የሥራ መጠን መጠባበቂያንና የዋጋ መጠባበቂያን በተለያየ መስመር ያስቀምጣሉ፤ ልክ ናቸው። 50 ሜትር ተጨማሪ መቆፈር አንድ ነገር ነው፣ ያው ፓምፕ በጨመረ ዋጋ መግዛት ሌላ። የዋጋው መጠባበቂያ የሚሰላው ከጊዜ ጋር ነው፤ ፓምፑ የሚገዛው በጀቱ ከጸደቀ ከዘጠኝ ወር በኋላ ከሆነና የዓመቱ ጭማሪ 20 በመቶ ተብሎ ከታሰበ፣ በ3.2 ሚሊዮኑ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 480 ሺህ ብር ይያዛል። በሁለተኛው ወር በሚከፈለው ጥናት ላይ ግን 15 በመቶ የሚጭን ሰው ይታያል፤ እሱን ገምጋሚው ቢሰርዝ አይፈረድበትም። ከዚህ በላይ የሆነውን ድንገተኛ ለውጥ ግን የትኛውም መቶኛ አይችለውም። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር የበጀተ ድርጅት ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ ሳይሆን የውል ማሻሻያ ነበር። ለጋሹ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ከውጭ የሚገቡትን ዕቃዎች በዚያው ገንዘብ መበጀቱ ከማንኛውም መቶኛ የተሻለ መከላከያ ነው።

የለጋሹ ደንብ ከሁሉ በፊት መነበብ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ለውጭ ዕርዳታ በሚሰጠው ግራንት መጠባበቂያው ከቀጥተኛ ወጪዎች 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ለመጠቀምም አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈቀድ ግድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ግራንት ደንብ በበኩሉ በታወቀ የግምት ዘዴ የተሰላና በበጀት ሰነዱ ላይ ተለይቶ የተገለጸ መጠባበቂያን ይቀበላል፤ ገንዘቡን አውጥቶ ለአንድ ቀን ይሆናል ብሎ ማስቀመጥን ግን አይቀበልም።

በ5 በመቶው ገደብ የሚሠራ ድርጅት 13 በመቶውን የት ያድርሰው? መልሱ መደበቅ አይደለም። የቁፋሮ ውል በአብዛኛው በተለካ ሜትር ስለሚከፈል፣ ቁፋሮውን ራሱን በ230 ሜትር፣ ፓምፑንም ለዚያ ጥልቀት በሚመጥን ዋጋ በግልጽ መበጀትና የ10ሩን ጉድጓዶች ሪፖርት ማያያዝ ይቻላል። መነሻው 16.65 ሚሊዮን ይሆናል። የሚቀሩት ስጋቶች አለቱና ክረምቱ ናቸው፤ ቢበዛ 500 ሺህ፣ ከአዲሱ መነሻ 3 በመቶ። ያልተቆፈረ ሜትር አይከፈልም፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ይህን በየመስመሩ ከተሸሸገው ጭማሪ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ተጽፎ ገምጋሚው ፊት ተቀምጧል።

ማብራሪያው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ያለ አንቀጽ ይበቃል፦ «የተጠየቀው መጠባበቂያ 1.95 ሚሊዮን ብር ነው። በወረዳው የተቆፈሩ 10 ጉድጓዶችን ሪፖርት መሠረት በማድረግ የጥልቀት መጨመርን፣ የቦይ አለትንና የክረምት መዘግየትን ይሸፍናል፤ ከ100 ጊዜ 94ቱን ይበቃል ተብሎ ይገመታል። ደረቅ ጉድጓድን፣ የዋጋ ጭማሪንና የሥራ ለውጥን አይሸፍንም። የሚለቀቀው በተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ጥያቄና በለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ቁፋሮው በ180 ሜትር ካለቀ ከመጠባበቂያው 1.45 ሚሊዮን ብር በ30 ቀን ውስጥ ነጻ መሆኑ ለለጋሹ ይገለጻል።» ገምጋሚን ከሁሉ ይበልጥ የሚያረጋጋው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። መጠባበቂያ የሚሰረዘው ብዙውን ጊዜ ስለበዛ ሳይሆን ካልተፈለገ ወዴት እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ነው።

እዚያ አንቀጽ ውስጥ «የሥራ ለውጥ» የተባለውም በምክንያት ነው። ሥራው ሲጀመር ወረዳው ጤና ጣቢያው ጋ ስድስተኛ ቦኖ እንዲጨመር ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መጠባበቂያውም እዚያው ተቀምጧል። ግን ስድስተኛው ቦኖ ያልታሰበ ወጪ ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው፤ በማሻሻያ ደብዳቤ መጠየቅ አለበት። መጠባበቂያው በጥሩ ሐሳብ የሚበላው እንዲህ ነው። የመበላቱ ምልክትም ቀላል ነው፤ በየወሩ የቀረው ገንዘብና ገና ያላለፉት ስጋቶች ጎን ለጎን ይጻፉ። ማሽኑ ገና ሳይደርስ ግማሹ ካለቀ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

አንድ ልመና አለኝ፣ ይህን ሥራ ለምትሠሩ። ፕሮጀክታችሁ ሲዘጋ የገመታችሁትንና በትክክል ያወጣችሁትን፣ ከጉድጓዱ ማጠናቀቂያ ሪፖርት ጋር አንድ ቅጂ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆንም፣ ይልቁንም ደረቅ ከሆነ። ቀጥሎ የሚመጣው ድርጅት 11ኛውን ሪፖርት የሚያገኘው ከእናንተ ነው።